ከኤአይ ጀርባ ያሉት ሰዎች፦ ዳታ ሌብለሮች ምን ይሠራሉ? ስንትስ ይከፈላቸዋል?

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በጥር 2023 ታይም መጽሔት አንድ የምርመራ ዘገባ አወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባው እንደሚለው፣ ቻትጂፒቲ ስድብና ጸያፍ ነገር እንዳይጽፍ የሚያደርገውን ማጣሪያ ለመሥራት ኬንያ ውስጥ ሰዎች ተቀጥረው ነበር። ሥራቸው ኢንተርኔት ላይ ያለውን እጅግ ዘግናኝ ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ እያነበቡ መለየት ነው። እጃቸው ላይ ይደርስ የነበረው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ሠራተኞች ብዙ ተወርቷል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚወራው በግማሹ ነው። አንዳንዱ «ኤአይ የሚባል ነገር የለም፣ ከጀርባ ሰው ነው የሚመልሰው» ይላል። ሌላው «ድሮ ነበር እንጂ አሁን ማሽኑ ራሱን ያስተምራል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የናይሮቢውን ጉዳይ ቀስ ብለን ብናየው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀር፣ ሰውን መተው ለምን እንዳልተቻለም ይገባናል።

ዳታ ሌብሊንግ ምንድን ነው?

ሌብል ማለት መለያ ነው። አንድ ሰው ፎቶ፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ ይቀርብለትና «ይህ ውሻ ነው»፣ «ይህ ዛቻ ነው»፣ «ይህ መልስ ከዚያኛው ይሻላል» እያለ ምልክት ያደርጋል። ይህን የሚሠራው ሰው ዳታ ሌብለር ይባላል። አኖቴተር የሚሉትም አሉ፣ ሥራው አንድ ነው።

ለውጭ ገበያ የሚላከውን ቡና ያስቡ። ማሽን ያበጥረዋል፣ በመጠን ይለየዋል። መጨረሻ ላይ ግን መጋዘን ውስጥ የተቀመጡ ሴቶች ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። የቡናው ጥራት የእነሱ ዓይን ውጤት ነው። ገዢው የሚያውቀው ግን የላኪውን ስም ብቻ ነው። ዳታ ሌብለሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለ። የቡና ለቃሚዋ ሥራ በዚያው ጆንያ ያበቃል። ሌብለሩ የሰጠውን ፍርድ ግን ማሽኑ ይማረዋል፣ ከዚያም አይቶት በማያውቀው ሚሊዮን ነገር ላይ ይደግመዋል። ሌብለሩ ከተሳሳተ ስህተቱም አብሮ ይደገማል።

ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለመረዳት ሲቲስኬፕስ የሚባለውን የፎቶ ስብስብ እንይ። ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች መንገድ ማየት እንዲማሩ በአብዛኛው ጀርመን ከተሞች ውስጥ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። ሌብለሩ ፎቶውን ከፍቶ የእያንዳንዱን ነገር ጠርዝ በነጥብ በነጥብ ይከብባል። መኪናውን፣ እግረኛውን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ ምሰሶውን፣ ከምሰሶው ጀርባ ግማሹ ብቻ የሚታየውን ብስክሌት። ከዚያ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ይመርጣል። ለአንድ ፎቶ በአማካይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስድ ነበር። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠሩት ፎቶዎች 5,000 ናቸው። ይህ ከ7,500 የሥራ ሰዓት በላይ ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ አንድ ሰው ብቻውን ከ930 ቀን በላይ ይቀመጥበታል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2009 ይፋ የሆነውና የዛሬውን የኤአይ ዘመን ከከፈቱት አንዱ የሆነው ኢሜጅኔትም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። 14 ሚሊዮን ገደማ ፎቶዎች አሉት። ፎቶዎቹን የለዩት የአማዞን መካኒካል ተርክ በሚባለው ድረ ገጽ የተገኙ፣ በ167 አገሮች የሚኖሩ 49,000 ገደማ ሰዎች ናቸው። የፕሮጀክቱን መሪ የፕሮፌሰር ፌይ ፌይ ሊን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል። የ49,000ዎቹን ስም የሚያውቅ የለም።

ናይሮቢ ውስጥ የተሠራው ምን ነበር?

ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ ሥርዓቶች ቋንቋ የሚማሩት ከኢንተርኔት በተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ትምህርትም አለ፣ ቆሻሻም አለ። ማሽኑ ሁለቱንም እኩል ይማራል። ስለዚህ የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኩባንያ ኦፕንኤአይ ቆሻሻውን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ትንሽ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ አስፈለገው። ማጣሪያ እንበለው።

ችግሩ ማጣሪያውም መማር አለበት። «ጥቃት ማለት ይህን የሚመስል ነው» ብሎ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። ለዚህም በ2021 መጨረሻ ኦፕንኤአይ ሳማ ከሚባል ድርጅት ጋር ሦስት ውሎች ተፈራረመ። የሦስቱ ድምር 200,000 ዶላር ገደማ ነበር። የሳማ ዋና መሥሪያ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ ነው፣ ሠራተኞቹን የሚቀጥረው ግን ኬንያን በመሰሉ አገሮች ነው። ድርጅቱ ራሱን የሚያስተዋውቀው ሥነ ምግባር ያለው የኤአይ ሥራ ለድሆች እንደሚፈጥር አድርጎ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦፕንኤአይ የጽሑፍ ቁርጥራጮችን ይልካል። በጠቅላላው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠራተኞቹ በሦስት ቡድን ተከፍለዋል፤ አንዱ ስለ ወሲባዊ ጥቃት፣ አንዱ ስለ ጥላቻ ንግግር፣ አንዱ ስለ ኃይል ጥቃት የተጻፈውን ይይዛል። ሠራተኛው ጽሑፉን ያነባል፣ ከየትኛው ምድብ እንደሚገባ ይወስናል። ሥራውን የጥራት ተቆጣጣሪ እንደገና ያየዋል። የተለየው ጽሑፍ ወደ ኦፕንኤአይ ተመልሶ ማጣሪያው ይማርበታል። የተማረው ማጣሪያ ሁለት ቦታ ይውላል፦ ሞዴሉ ከሚማርበት ጽሑፍ ውስጥ መጥፎውን ለማውጣት፣ እንዲሁም ሞዴሉ ለተጠቃሚ የሚሰጠውን መልስ ለመጠበቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እርስዎ ዛሬ ቻትቦት ሲጠይቁ ናይሮቢ ያለ ሰው አያነብዎትም። የዚያ ሰው ፍርድ ግን ማጣሪያው ውስጥ ተቀምጧል።

ሠራተኞቹ ለታይም እንደተናገሩት በዘጠኝ ሰዓት ፈረቃ ከ150 እስከ 250 ጽሑፍ ማንበብና መለየት ነበረባቸው። የአንዱ ርዝመት ከ100 ቃል ገደማ ተነስቶ ከ1,000 በላይ ይደርሳል። እስቲ እናስላው። ዘጠኝ ሰዓት 540 ደቂቃ ነው። ለ250 ጽሑፍ ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ሰኮንድ ይደርሰዋል። ሺህ ቃል በጥሞና ለማንበብ ብቻ አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሳማ በበኩሉ የሚጠበቀው 250 ሳይሆን 70 ጽሑፍ ነበር ብሏል። በ70 ሂሳብ ለአንዱ ሰባት ደቂቃ ከግማሽ ይደርሳል። ይህ ልዩነት የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። ሁለት ደቂቃ የተሰጠው ሰው በግምት ይለያል። ሰባት ደቂቃ የተሰጠው ሰው አስቦ ይለያል። ማጣሪያው የሚማረው ከሁለቱ ከአንዱ ነው።

12.50 ዶላሩ የት ገባ?

በውሉ መሠረት ኦፕንኤአይ ለሳማ የሚከፍለው በሰዓት 12.50 ዶላር ነበር። ዝቅተኛው ሠራተኛ እጅ ላይ የሚደርሰው ከግብር በኋላ 1.32 ዶላር ገደማ ነው። ግቡን ሁሉ ካሟላ 1.44 ይደርሳል። የጥራት ተቆጣጣሪው ቢበዛ 2 ዶላር ያገኛል። ስለዚህ ከተከፈለው ዶላር ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ ከፍ ሲል ከስድስት እጅ አንድ ገደማ ነው።

በወር ሲታይ መነሻ ደመወዙ 21,000 የኬንያ ሽልንግ ነበር፣ በጊዜው ምንዛሪ 170 ዶላር ገደማ። ሥራው ከባድ ስለሆነ በወር 70 ዶላር ገደማ ይጨመርለታል። የቀረው በፍጥነትና በትክክለኛነት የሚገኝ ኮሚሽን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በጊዜው ናይሮቢ ውስጥ ለእንግዳ ተቀባይ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 1.52 ዶላር ነበር።

ሳማ ሠራተኞቹ ከግብር በኋላ በሰዓት ከ1.46 እስከ 3.74 ዶላር ማግኘት ይችሉ ነበር ይላል። 12.50ውም ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የቢሮ፣ የመሠረተ ልማት፣ የቡድን መሪዎችና የጥራት ተቆጣጣሪዎች ወጪ በሙሉ የሚሸፈንበት ነው ብሏል። ኦፕንኤአይ ደግሞ የምርታማነት ግብ አላወጣሁም፣ ክፍያውንና የሠራተኞቹን የአእምሮ ጤና ጉዳይ የሚይዘው ሳማ ነው ብሏል።

ቢሮና ተቆጣጣሪ ወጪ እንዳላቸው እሙን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሥራው በተቋራጭ በኩል ሲሄድ ኃላፊነቱ በመሃል ይጠፋል። አዛዡ «ደመወዙን የሚወስነው እሱ ነው» ይላል። ተቋራጩ «ሥራው የደንበኛዬ ነው» ይላል። በዚያ ላይ ሠራተኛው ምስጢር ለመጠበቅ ስለሚፈርም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለየትኛው ኩባንያ እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ሌላ ሥራ ሲያመለክት እንኳ ልምዱን ዘርዝሮ ለመጻፍ ይቸገራል።

ውሉ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በየካቲት 2022 ሳማ ለኦፕንኤአይ ሌላ የሙከራ ሥራ ጀመረ፣ ይህኛው ፎቶ መሰብሰብ ነበር። ከ1,400 ገደማ ፎቶዎች መካከል በአሜሪካ ሕግ መያዝ የማይፈቀድ፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳይ ምስል ተገኘበት። ሳማ ያንን ብቻ ሳይሆን የጽሑፉንም ሥራ ጊዜው ስምንት ወር ሲቀረው አቋረጠ። ኦፕንኤአይ እንዲህ ያለ ምስል እንዲሰበሰብ አላዘዝኩም፣ የመግባባት ችግር ነበር ብሏል። ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ የ70 ዶላሩ ጭማሪ ወደሌለበት ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ሥራቸውን ያጡም ነበሩ።

በስልክና በኮምፒውተር ከቤት የሚሠሩትስ?

የሳማ ሠራተኞች ቢያንስ ቢሮ የሚገቡና ደመወዝ ያላቸው ነበሩ። ሌላው ትልቅ ክፍል የሚሠራው ከቤቱ ነው። አንድ ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባል፣ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ ሥራ ሲመጣ ይሻማል። ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በቁራጭ ነው።

የቁራጭ ክፍያ እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ ሥራ 20 ሳንቲም ዶላር ይከፍላል፣ ሦስት ደቂቃም ይፈጃል እንበል። በሰዓት 20 ሥራ፣ 4 ዶላር ይመስላል። ሠራተኛው ግን ከመጀመሩ በፊት የ15 ገጽ መመሪያ ያነባል፣ ይህ አይከፈልበትም። ሥራ እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል፣ ይህም አይከፈልበትም። ከሠራቸው 20 ውስጥ አራቱ «ጥራት ይጎድላቸዋል» ተብለው ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም አይነገረውም። የተከፈለበት 16 ነው፣ 3.20 ዶላር። ለዚያ ያጠፋው ጊዜ ግን ሁለት ሰዓት ነው። የእውነቱ ክፍያ በሰዓት 1.60 ሆነ ማለት ነው።

ይህ በጥናትም የታየ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት 2,676 የመካኒካል ተርክ ሠራተኞች የሠሯቸውን 3.8 ሚሊዮን ሥራዎች መዝግቦ ነበር። መካከለኛው ሠራተኛ በሰዓት የሚያገኘው 2 ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካን ዝቅተኛ ደመወዝ 7.25 ዶላርን ያለፉት ከመቶ አራት ገደማ ብቻ ናቸው። ክፍያውን ካወረዱት ነገሮች ዋናዎቹ ሥራ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ፣ ተቀባይነት ያጣ ሥራና ተጀምሮ የተተወ ሥራ ናቸው።

ከዝቅተኛው ክፍያ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ዋስትና ማጣቱ ይመስለኛል። ሪሞታስክስ ዳታ ሌብሊንግ በሚያሠራው በአሜሪካው ኩባንያ በስኬል ኤአይ ሥር ያለ ድረ ገጽ ነው። ኬንያ ውስጥ ብዙ ወጣት ይሠራበት ነበር። በመጋቢት 2024 ኬንያ ላሉ ሠራተኞች በዚያ አገር ሥራ መቆሙን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሳቸው። አካውንታቸውም ተዘጋ። ቀጣሪና ተቀጣሪ ቢሆኑ ኖሮ ማስጠንቀቂያና ካሳ ይኖር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሰኔ 2025 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የስኬል ኤአይን 49 ከመቶ ድርሻ ለመያዝ 14.3 ቢሊዮን ዶላር አፍስሷል። መለያ መስጠት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ማንበብና ማየት ብቻ ሰውን ይጎዳል?

ይጎዳል። በደንብ የተመዘገበው ማስረጃ ያለው የቅርብ ዘመድ በሆነው ሥራ፣ በይዘት ቁጥጥር ላይ ነው። የይዘት ተቆጣጣሪ ፌስቡክ ላይ ሪፖርት የተደረገ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ አይቶ ይነሳ ወይም ይቆይ ይላል። ይህም ውሳኔ መለያ ነው፤ የኩባንያውን አውቶማቲክ ማጣሪያ ለማስተማርም ይውላል። ሳማ ናይሮቢ ውስጥ ለሜታ የሠራው ይህን ነበር።

እዚህ ጋ ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካል። ከተቆጣጣሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ ሰዎች ናይሮቢ ተቀምጠው በጦርነቱ ዓመታት ከአገራቸው የሚለጠፈውን ያዩ ነበር። አስቡት፤ አንድ ጀርመናዊ ሌብለር የመንገድ ፎቶ ሲያይ መኪና ያያል። የእኛ ሰው ያየው የራሱን አገር ሰዎች አስከሬን ነው። የተገደለው ሰው ቋንቋውን የሚናገር፣ ምናልባትም ሰፈሩን የሚያውቀው ነው።

በ2022 የቀድሞው የሳማ ይዘት ተቆጣጣሪ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ዳንኤል ሞታውንግ ሜታንና ሳማን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2023 ከሥራ የተቀነሱ ከ180 በላይ ተቆጣጣሪዎች ሌላ ክስ መሠረቱ። በታኅሣሥ 2024 ለፍርድ ቤቱ በቀረበ የሕክምና ማስረጃ፣ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው ገልጸዋል። የአብዛኞቹ ሕመም ከባድ የሚባል ነበር። እንቅልፍ ማጣት፣ የሚመላለስ ምስል፣ ከሰው መራቅ፣ ድንገተኛ ፍርሃት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

የጽሑፉም ሥራ የዋዛ አይደለም። ለኦፕንኤአይ የሠሩት ሰዎች ያነበቡት እንደማይለቃቸው፣ የተሰጣቸው የምክር አገልግሎትም በቂ እንዳልነበረ ተናግረዋል። የምርታማነት ግብ ባለበት ምክር ለማግኘት መነሳት ራሱ ከኮሚሽን የሚቀንስ ጊዜ ነው። ሳማ በግልም በቡድንም የባለሙያ ምክር ይሰጥ እንደነበር ገልጿል።

ታዲያ ማሽኑ ራሱ ለምን አይሠራውም?

በከፊል ይሠራዋል። ቀላሉን መለያ ዛሬ ሞዴሎች በርካሽ ይሰጣሉ። ድመትና ውሻ ለመለየት ማንም ሰው አይቀጥርም። በዚህ ምክንያት ከሥራ የወጡ ሌብለሮችም አሉ። ሰው የሚፈለገው መልሱ ክርክር ባለበት ቦታ ነው፤ ጠቃሚው ሥራ ደግሞ ያለው እዚያው ነው።

በ2022 ኦፕንኤአይ ኢንስትራክትጂፒቲ የሚባል ሥራ አሳተመ። የቻትጂፒቲ መሠረት ነው። ወደ 40 የሚሆኑ ሰዎች ተቀጥረው ሁለት ነገር ሠሩ። አንደኛ፣ ለጥያቄዎች ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል ራሳቸው ጻፉ። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ለአንድ ጥያቄ የሰጣቸውን የተለያዩ መልሶች ከሚሻለው ወደሚያንሰው ደረደሩ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። በዚህ መንገድ የሠለጠነ 1.3 ቢሊዮን ፓራሜትር የሚባሉ ውስጣዊ ቁጥሮች ያሉት ትንሽ ሞዴል፣ 175 ቢሊዮን ካሉት ከታላቅ ወንድሙ ከጂፒቲ 3 ይልቅ ሰዎች መረጡት። ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነውን የመጠን ልዩነት የሸፈነው የሰዎቹ ፍርድ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ሌብለሮቹ የትኛው መልስ ይሻላል በሚለው እርስ በርስ የተስማሙት ከመቶ 73 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ሰዎቹ ተመርጠው የተቀጠሩ፣ የሠለጠኑና ጥያቄ ሲኖራቸው የሚጠይቁት ያላቸው ነበሩ። ግን ከአራት አንዱ ላይ ይለያያሉ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፣ ጥያቄው ራሱ አንድ መልስ ስለሌለው ነው። ማሽን ለማሽን መለያ ሲሰጥ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት ይመልሳል፣ የተማረውንም ስህተት ይዞ ይቀጥላል። ስህተቱን የሚያወጣው ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው።

የሰውም ሥራ እንከን አለበት። በ2021 ተመራማሪዎች የኢሜጅኔትን 50,000 የመፈተኛ ፎቶዎች ሲመረምሩ ቢያንስ ከመቶ 6 ገደማ የተሳሳተ መለያ እንዳላቸው አገኙ። ለዚህ ነው ጥሩ ፕሮጀክት አንዱን ነገር ለሦስት ሰው የሚሰጠው። ከዚያ ስንቱ እንደተስማማ ይለካል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄም በመሃል ይደባልቃል፣ ሰው በግምት እየጠቆመ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። ለሦስት ሰው መክፈል ለአንድ ሰው ከመክፈል ይወደዳል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል መጀመሪያ የሚቀነሰውም ይኸው ነው።

አማርኛ ላይ እንዴት ነው?

አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ «ነገ ገበያው ላይ እንገናኝ፣ ያኔ ታያላችሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። ሌብለሩ ምን ይበል? ነጋዴ አዲስ ዕቃ እያስተዋወቀ ሊሆን ይችላል። በዚያ ገበያ ባለፈው ሳምንት ሰው ተገድሎ ከሆነ ግን ዛቻ ነው። መልሱ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ማን ነው፣ ገበያው የት ነው፣ ሰሞኑን ምን ሆኗል የሚለውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ፈርጁን ለመወሰን ሁለት ደቂቃ የተሰጠው ሰው ደግሞ ይህን ሊያጣራ አይችልም።

በ2021 ይፋ የወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች፣ ኩባንያው በአማርኛና በኦሮምኛ ጎጂ ይዘትን በራሱ የሚለይ ሥርዓት ይጎድለው እንደነበር አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በነዚህ ቋንቋዎች መለያ የተሰጠው ጽሑፍ እጥረት ነው። ማሽኑ የሚማርበት ከሌለ ማጣሪያ የለም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከሞከሩት መካከል የአፍሪካ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይገኙበታል። ማሳካኔ የሚባለው የተመራማሪዎች ኅብረት በ2021 ባወጣው ስብስብ ውስጥ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም የተለየባቸው የአማርኛ ዜናዎች አሉ። በ2023 የወጣው አፍሪሴንቲ ደግሞ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከ110,000 በላይ ትዊቶችን ይዟል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተካተዋል። ትዊቶቹ ስሜታቸው አዎንታዊ ነው፣ አሉታዊ ነው ወይስ ገለልተኛ እየተባለ የተለዩት በቋንቋው አፋቸውን በፈቱ ሰዎች ነው። ከአንዱ ስሜት ወደ ሌላው የሚያሻማ ሲመጣ የብዙኃኑ ድምፅ ይያዛል። ከስብስቦቹ ጋር የሠራተኞቹ ማንነትና የመመሪያው ይዘት አብሮ መጻፉ ደስ ይላል። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የምንሻው እሱን ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ ቀርቦልዎት ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ክፍያው በሰዓት ነው በቁራጭ? ሥራዬ ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ ይነገረኛል፣ ይግባኝስ አለ? የማየው ነገር ምን ዓይነት ነው፣ ከባድ ከሆነብኝ ያለ ቅጣት መተው እችላለሁ? የሦስቱም መልስ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ነገሩ የት ደርሷል?

ሳማ በጥር 2023 ከይዘት ቁጥጥርና መሰል ዘግናኝ ሥራዎች እንደሚወጣ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ናይሮቢ ላይ ከ150 በላይ ሠራተኞች ተሰብስበው የአፍሪካ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ማኅበርን ለመመሥረት ወሰኑ። በሐምሌ ደግሞ ለኦፕንኤአይ ከሠሩት የተወሰኑት ለኬንያ ፓርላማ አቤቱታ አስገቡ። ኬንያ ውስጥ የዳታ ሌብለሮች ብቻ የሆነ ማኅበርም ተቋቁሟል።

ሜታ «ኬንያ ውስጥ ቀጣሪ አይደለሁም፣ እዚያ ልከሰስ አልችልም» ብሎ ተከራክሮ ነበር። በመስከረም 2024 የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱ እዚያው ሊታይ ይችላል ሲል ወሰነ። በአንጻሩ በዚያው ዓመት ለአገሪቱ ሴኔት የቀረበ የሕግ ረቂቅ፣ የውጭ ኩባንያ በተቋራጩ ሠራተኞች ጉዳይ ኬንያ ውስጥ እንዳይከሰስ የሚያደርግ አንቀጽ ይዞ ነበር። ደጋፊዎቹ ለወጣቱ ሥራ ያመጣል አሉ። ሠራተኞቹ ያላቸውን ብቸኛ በር የሚዘጋ ነው ብለው ተቃወሙት።